በብዛት ለሚገዛ ዕቃ የሚሰጥ የዋጋ ቅናሽ፦ የግዥ መጠንን በጠቅላላ ዓመታዊ ወጪ ስለመወሰን

አምራቾችና አከፋፋዮች ዕቃ በብዛት ለሚገዛ ደንበኛ በእርከን የተከፋፈለ የዋጋ ቅናሽ ያደርጋሉ። በፕሮፎርማው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዋጋዎች ይቀመጣሉ፤ የግዥው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዕቃ ዋጋ ዝቅ ይላል። ገዥው እዚህ ላይ መወሰን ያለበት የትኛው ዋጋ ዝቅተኛ እንደሆነ ሳይሆን፣ ከየትኛው እርከን ቢገዛ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ዝቅተኛ እንደሚሆን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ዝቅተኛውን ዋጋ ለማግኘት ብዙ ዕቃ ገዝቶ ለወራት ማከማቸት ራሱን የቻለ ወጪ ስላለው፣ በዋጋ የተገኘው ቅናሽ በመጋዘን ውስጥ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች እንዲሁም ለችርቻሮ ነጋዴዎች የስሌቱን ቅደም ተከተል ያብራራል። በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቢታ ገነት ከተማ የሚሠራ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ በምሳሌነት ተወስዷል። በምሳሌው ውስጥ የተጠቀሱት ዋጋዎችና መጠኖች ለማሳያነት የተመረጡ ናቸው፤ የወቅቱን የገበያ ዋጋ አይገልጹም። ተገልጋዮች በእነዚህ ቁጥሮች ምትክ የራሳቸውን ቁጥሮች እያስገቡ ሊጠቀሙ ይገባል።

የምሳሌው መነሻ

ማኅበሩ ለአባላቱ ከሚያቀርባቸው ሸቀጦች አንዱ የልብስ ሳሙና ነው። በቢን ካርዱ ላይ እንደተመዘገበው ሱቁ በየወሩ በአማካይ 100 ካርቶን፣ በዓመት ደግሞ 1,200 ካርቶን ይሸጣል። በጅማ ከተማ የሚገኝ አንድ አከፋፋይ የሚከተለውን የዋጋ ዝርዝር አቅርቧል።

| የግዥ መጠን | የአንድ ካርቶን ዋጋ |
|---|---|
| ከ1 እስከ 199 ካርቶን | 1,500 ብር |
| ከ200 እስከ 499 ካርቶን | 1,470 ብር |
| 500 ካርቶንና ከዚያ በላይ | 1,455 ብር |

ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስንና እስከ ቢታ ገነት ድረስ በካርቶን የሚከፈለውን የማጓጓዣ ሒሳብ ያካትታል። ቅናሹ በአንድ ጊዜ ለሚገዛው ዕቃ በሙሉ የሚሠራ ነው፤ ማለትም 200 ካርቶን የገዛ ደንበኛ ለእያንዳንዱ ካርቶን 1,470 ብር ይከፍላል።

የማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት በሁለት ሐሳብ ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወገን በካርቶን 45 ብር ስለሚቀንስ 500 ካርቶን በአንድ ጊዜ ይገዛ ይላል። ሌላው ወገን የማኅበሩን ካፒታል በሳሙና ላይ ማሰር አይገባም ይላል። ክርክሩ መቋጫ የሚያገኘው ሦስት ዓይነት ወጪዎች በአንድ ላይ ሲደመሩ ነው።

የሚደመሩት ሦስት ወጪዎች

የመጀመሪያው ለአቅራቢው በዓመት የሚከፈለው የዕቃው ዋጋ ነው። ይህም ዓመታዊው ፍላጎት በአንዱ ካርቶን ዋጋ ተባዝቶ ይገኛል።

ሁለተኛው የግዥ ማስፈጸሚያ ወጪ ነው። ይህ ወጪ የሚወጣው ግዥ በተፈጸመ ቁጥር ሲሆን፣ የተገዛው ዕቃ ብዙም ይሁን ጥቂት መጠኑ አይለወጥም። በምሳሌው ለግዥ ሠራተኛው የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ውሎ አበል 1,700 ብር፣ ለፕሮፎርማ ማሰባሰቢያና ለባንክ አገልግሎት 300 ብር፣ ለርክክብና ለቆጠራ 1,000 ብር ይወጣል። በድምሩ አንድ ግዥ 3,000 ብር ያስወጣል። በካርቶን የሚከፈል የማጓጓዣም ሆነ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ጋር ስለሚደመር እዚህ ውስጥ አይገባም። ተሽከርካሪ በሙሉ የሚከራይ ከሆነ ግን ኪራዩ በዚህ ወጪ ላይ ይታከላል።

ሦስተኛው የማቆያ ወጪ ሲሆን፣ ዕቃው ተሸጦ እስኪያልቅ ድረስ በመጋዘን በመቆየቱ ምክንያት የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ዋጋ በመቶኛ ይሰላል። በምሳሌው ለዕቃው መግዣ የዋለው ገንዘብ የብድር ወለድ 17 በመቶ፣ ብልሽትና ጉድለት 4 በመቶ፣ ከዕቃው ብዛት ጋር አብሮ የሚጨምር የመጋዘንና የጥበቃ ወጪ 3 በመቶ፣ በጠቅላላው በዓመት 24 በመቶ ተይዟል። ስለዚህ በ1,500 ብር የተገዛ አንድ ካርቶን ሳሙና ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 360 ብር ያስወጣል።

የማቆያ ወጪ የሚሰላው በአማካይ ክምችት ላይ ነው። 200 ካርቶን ገብቶ ቀስ በቀስ ሲሸጥ ክምችቱ ከ200 ተነሥቶ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ በአማካይ በመጋዘን የሚገኘው 100 ካርቶን ይሆናል። በአጭሩ አማካይ ክምችት የግዥው መጠን ግማሽ ነው።

የስሌቱ ቅደም ተከተል

የግዥ መጠን ሲጨምር የግዥ ማስፈጸሚያ ወጪ ይቀንሳል፤ የማቆያ ወጪ ደግሞ ይጨምራል። በቅናሽ ያልተከፋፈለ አንድ ዋጋ ብቻ ቢኖር፣ የሁለቱ ድምር ዝቅተኛ የሚሆንበትን መጠን የሚሰጥ ቀመር አለ። ቀመሩን ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለኅትመት አብቅቶታል።

```
መጠን = √(2 × ዓመታዊ ፍላጎት × የአንድ ግዥ ወጪ ÷ የአንድ ካርቶን ዓመታዊ ማቆያ ወጪ)
```

የዋጋ እርከኖች ሲኖሩ ይህ ስሌት ለእያንዳንዱ እርከን በየራሱ ዋጋ ይሠራል። የተገኘው መጠን በእርከኑ ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ እንዳለ ይወሰዳል። ከእርከኑ መነሻ በታች ከሆነ በዚያ መጠን ቅናሹ ስለማይገኝ፣ ቅናሹን የሚያስገኘው ትንሹ መጠን ማለትም የእርከኑ መነሻ ይወሰዳል። ከመነሻው አልፎ መግዛት በዚያ እርከን ላይ ተጨማሪ ቅናሽ አያስገኝም፤ የማቆያ ወጪውን ብቻ ያሳድጋል። የተገኘው መጠን ከእርከኑ ጣሪያ በላይ ከሆነ ደግሞ በቀጣዩ እርከን የተሻለ ዋጋ ስለሚገኝ ያ እርከን ይተዋል።

በአንደኛው እርከን 2 በ1,200 እና በ3,000 ሲባዛ 7,200,000 ይሆናል። ይህ ለ360 ሲካፈል 20,000 ይገኛል፤ የ20,000 ካሬ ሥር 141 ገደማ ነው። 141 ከ1 እስከ 199 ባለው እርከን ውስጥ ስለሚያርፍ ይወሰዳል።

በሁለተኛው እርከን የ1,470 ብር 24 በመቶ 352.80 ብር ነው። ስሌቱ 143 ካርቶን ገደማ ይሰጣል። ይህ ከ200 በታች ስለሆነ 200 ካርቶን ይወሰዳል።

በሦስተኛው እርከን የ1,455 ብር 24 በመቶ 349.20 ብር ነው። ስሌቱ 144 ካርቶን ገደማ ይሰጣል። ይህም ከ500 በታች ስለሆነ 500 ካርቶን ይወሰዳል።

እንግዲህ ለንጽጽር የሚቀርቡት ሦስት መጠኖች 141፣ 200 እና 500 ካርቶን ናቸው። የእያንዳንዳቸው ዓመታዊ ወጪ እንደሚከተለው ነው።

| የግዥ መጠን | የዕቃው ዋጋ (ብር) | የግዥ ማስፈጸሚያ (ብር) | የማቆያ (ብር) | ጠቅላላ ዓመታዊ ወጪ (ብር) |
|---|---|---|---|---|
| 141 | 1,800,000 | 25,532 | 25,380 | 1,850,912 |
| 200 | 1,764,000 | 18,000 | 35,280 | 1,817,280 |
| 500 | 1,746,000 | 7,200 | 87,300 | 1,840,500 |

በ200 ካርቶን ረድፍ ያሉት ቁጥሮች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው፦ 1,200 በ1,470 ሲባዛ 1,764,000 ብር ይሆናል። 1,200 ለ200 ሲካፈል በዓመት 6 ግዥ ስለሚሆን፣ 6 በ3,000 ሲባዛ 18,000 ብር ይመጣል። አማካይ ክምችቱ 100 ካርቶን በ352.80 ሲባዛ 35,280 ብር ይሆናል።

ውጤቱ እንደሚያሳየው ለማኅበሩ የሚጠቅመው በየሁለት ወሩ 200 ካርቶን መግዛት ነው። ይህ መጠን ቅናሽ ከሌለው ግዥ ጋር ሲነጻጸር በዓመት 33,632 ብር ያድናል። ዝቅተኛው ዋጋ ያለበት የ500 ካርቶን ግዥ ግን ከ200 ካርቶን ግዥ 23,220 ብር የበለጠ ያስወጣል። በሦስተኛው እርከን ከዕቃው ዋጋ ተጨማሪ 18,000 ብር፣ ከግዥ ማስፈጸሚያ ደግሞ 10,800 ብር ይቆጠባል፤ ነገር ግን የማቆያ ወጪው በ52,020 ብር ያድጋል።

ውሳኔውን የሚያዛባው የማቆያ ወጪ አያያዝ

በዚህ ስሌት ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚፈጠረው የማቆያውን መቶኛ በመያዝ ላይ ነው። የዕቃው ዋጋ በፕሮፎርማ፣ የግዥ ማስፈጸሚያው በክፍያ ሰነድ ተጽፎ ይገኛል። የማቆያ ወጪ ግን በአንድ ደረሰኝ ላይ ተጠቃሎ ስለማይታይ በአብዛኛው ይዘነጋል፤ ወይም ከእውነታው ዝቅ ተደርጎ ይያዛል።

በተለይም ማኅበሩ የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ሲሆን «ወለድ የለብንም» በሚል ይህ ወጪ ከስሌቱ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ትልቁ ግዥ ምንጊዜም አሸናፊ ሆኖ ይታያል። በምሳሌው የማቆያ ወጪው ከ24 በመቶ ወደ 12 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ቢያዝ፣ የ500 ካርቶን ጠቅላላ ወጪ 1,796,850 ብር ሲሆን የ200 ካርቶን ደግሞ 1,799,640 ብር ይሆናል። ውሳኔው በ2,790 ብር ልዩነት ይገለበጣል ማለት ነው። መገለበጫው 13.3 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ የማኅበሩ ትክክለኛ የማቆያ ወጪ ከዚህ በላይ ከሆነ 200 ካርቶን፣ በታች ከሆነ 500 ካርቶን ይመረጣል።

የራስ ገንዘብም ወጪ አለው። 500 ካርቶን ለመግዛት በአንድ ጊዜ 727,500 ብር ያስፈልጋል፤ ለ200 ካርቶን ግን 294,000 ብር ይበቃል። የ433,500 ብር ልዩነት በሳሙና ላይ ሲታሰር፣ ሱቁ በዚያው ወቅት ዘይት ወይም ጨው ሲያልቅበት የሚተካበት ገንዘብ ያጣል። አባሉም ከማኅበሩ ያጣውን ሸቀጥ ከሌላ ነጋዴ በውድ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል። ስለዚህ የራስ ገንዘብ ሲሆን በወለዱ ቦታ የሚያዘው፣ ያ ገንዘብ በሌላ ሸቀጥ ላይ ቢዞር ያስገኝ የነበረው ትርፍ ነው።

የብልሽቱ ድርሻም እንደ አካባቢው ይለያያል። ካፋ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ነው። እርጥበት የሚያስገባ ወለል ወይም ግድግዳ ባለው መጋዘን የታችኛው ካርቶን ይለሰልስና የላዩን መሸከም ያቅተዋል። በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሳሙና እየደረቀ ክብደቱ ይቀንሳል። ትክክለኛውን መቶኛ ለማወቅ ባለፈው ዓመት በቆጠራ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ የተሠረዘው ዕቃ ዋጋ በዓመቱ አማካይ ክምችት ዋጋ ይካፈላል።

ከአቅራቢው ጋር ለመደራደር ስሌቱ የሚሰጠው ጥቅም

ጠቅላላ ወጪውን ያሰላ ገዥ ቅናሹ በቂ መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃል። በምሳሌው የ500 ካርቶን ግዥ ከ200 ካርቶን የተሻለ እንዲሆን ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት ማስላት ይቻላል። ለ1,200 ካርቶን የሚከፈለው ዋጋ እና ለአማካዩ 250 ካርቶን የሚታሰበው 24 በመቶ በአንድነት የአንዱን ካርቶን ዋጋ 1,260 ጊዜ ያህል ይሆናሉ። በዚህ ላይ የግዥ ማስፈጸሚያው 7,200 ብር ይደመራል። ድምሩ ከ1,817,280 ብር እንዳይበልጥ የካርቶኑ ዋጋ 1,436 ብር ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

ስለሆነም አከፋፋዩ በ1,455 ብር ከጸና ማኅበሩ 200 ካርቶን ይገዛል፤ ወደ 1,436 ብር ከወረደ 500 ካርቶን መግዛት ያዋጣል። ሌላው አማራጭ 500 ካርቶን በአንድ ውል ተገዝቶ ርክክቡና ክፍያው በየተራ እንዲፈጸም መጠየቅ ነው። አቅራቢው በዚህ ከተስማማ ቅናሹ ሳይቀር የማቆያ ወጪው ይቀንሳል።

ከውሳኔ በፊት የሚጣሩ ጉዳዮች

የቅናሹ ዓይነት በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። አንዳንድ አቅራቢዎች ዝቅተኛውን ዋጋ የሚሰጡት ከእርከኑ መነሻ ጀምሮ ላለው ዕቃ ብቻ ነው። በዚህ አሠራር 200 ካርቶን የገዛ ደንበኛ ለ199ኙ 1,500 ብር፣ ለአንዱ ብቻ 1,470 ብር ስለሚከፍል አማካዩ ዋጋ 1,499.85 ብር ይሆናል። ከላይ የተመለከተው ስሌት ለዚህ ዓይነቱ ቅናሽ አያገለግልም። በፕሮፎርማው ላይ ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ አቅራቢው የ200 እና የ500 ካርቶን ጠቅላላ ክፍያን በብር እንዲጽፍ መጠየቅ ይመከራል። ለ200 ካርቶን 294,000 ብር ከጻፈ ቅናሹ ለሁሉም ነው፤ 299,970 ብር ከጻፈ ለትርፉ ብቻ ነው።

ዓመታዊ ፍላጎቱ የሚወሰደው ከተሸጠው እንጂ ከተገዛው አይደለም። ባለፈው ዓመት ብዙ ተገዝቶ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ካለ፣ የግዥ ሰነድ ብቻ ያየ ሰው ፍላጎቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል። በምሳሌው እውነተኛው ሽያጭ 1,200 ሳይሆን 900 ካርቶን ቢሆን፣ የ500 ካርቶን ግዥ ዓመታዊ ወጪ 1,402,200 ብር ይደርሳል። ይህ 1,371,780 ብር ከሚያስወጣው የ200 ካርቶን ግዥ ብቻ ሳይሆን፣ 1,394,091 ብር ገደማ ከሚያስወጣው ቅናሽ የሌለው ግዥም ይበልጣል።

ስሌቱ ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ለሆነ ዕቃ የተዘጋጀ ነው። ለሳሙና፣ ለጨው ወይም ለክብሪት ያገለግላል። በቡና መልቀሚያ ወራት ብቻ ለሚፈለግ ጆንያ፣ ወይም በዘር ወቅት ብቻ ለሚሸጥ ማዳበሪያ አይሆንም። ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ የአባላት ገቢ ስለሚጨምር የሳሙናም ሽያጭ በዚያ ወቅት ከፍ የሚል ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ በእኩል ጊዜ ልዩነት ከመግዛት ይልቅ ግዥዎቹን ወደዚያ ወቅት ማቀራረብ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም የተመረጠው መጠን በመጋዘኑ መያዙ፣ በአንድ ተሽከርካሪ መጫኑና ከማኅበሩ የጥሬ ገንዘብ አቅም ጋር መጣጣሙ ይጣራል። ከሦስቱ በአንዱ ካልተቻለ፣ የሚቀጥለው ዝቅተኛ ጠቅላላ ወጪ ያለው መጠን ይወሰዳል። የንጽጽር ሠንጠረዡ፣ ፕሮፎርማው እና የማቆያው መቶኛ የተሰላበት ማስረጃ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዘው ሊቀመጡ ይገባል፤ የቁጥጥር ኮሚቴውና ኦዲተሩ የግዥውን መጠን ሲመረምሩ ውሳኔው በምን ላይ እንደተመሠረተ የሚያሳዩት እነዚህ ሰነዶች ናቸው። ዋጋ፣ የወለድ ምጣኔ ወይም የሽያጭ መጠን በተለወጠ ጊዜ ሠንጠረዡ እንደገና ይሠራል።